ፓስፖርቴ ገና ስምንት ወር አለው፣ ለምን ላሳድሰው?

ሰላም እህቴ። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ 56 ዓመቴ ነው። ቀፊራ ጨርቅ እሸጣለሁ፣ ለዕቃ ጅቡቲ እመላለሳለሁ። ልጄ ጀርመን ሀምቡርግ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን በጥር ወር ሦስተኛው ሳምንት ላይ ትወልዳለች፣ ወንድ ነው ተብሏል። ሄጄ ላርሳት ብዬ ጥር 2 ገብቼ መጋቢት 21 ልመለስ አስበናል። ባሏ የወጪ ግዴታ ደብዳቤውን አውጥቷል፣ የቪዛ ቀጠሮም ለኅዳር 15 ተይዞልኛል። ፓስፖርቴ የሚያበቃው ሰኔ 20 ነው፣ ገና ስምንት ወር አለው። ወንድሜ «ሳታሳድሺ እንዳትንቀሳቀሺ» ይላል። ልጄ ደግሞ «እማዬ፣ አሁን ፓስፖርት ከቀየርሽ ደብዳቤውም ቀጠሮውም ተበላሸ፣ ስድስት ወር ካለው ይበቃል» ብላ አለቀሰችብኝ። ባዶ ገጽም የቀረኝ አንድ ነው። ሌላ አንድ ገጽ ደግሞ ጥጉ ላይ ብቻ የጅቡቲ ማኅተም አለበት፣ የቀረው ቦታ ሰፊ ነው። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «የድሮውን የቻይና ቪዛ ላላቅልሽና አንድ ገጽ ላትርፍልሽ» ብሎኛል። ማንን ልስማ? የድሬ ልጅ ነኝና አንቱ እንዳትይኝ።

የሳቢያኗ አያት (ልሆን ነው)

እሺ፣ አንቺ እልሻለሁ። እኔም አንቱታ አፌ ላይ አይቆምም።

ከሁሉ በፊት ፓስፖርትሽን አምጪና ፎቶሽ ያለበትን ገጽ ግለጪ። የሚያበቃበት ቀን ላይ የተጻፈው «20 ጁን 2026» ይመስለኛል። ልክ ከሆንኩ ያ ሰኔ 20 አይደለም። ፓስፖርት ላይ የሚታተመው የፈረንጆቹ ቀን ነው፤ ጁን 20 ደግሞ በእኛ ሰኔ 13 ቀን 2018 ነው። ሁለቱም «ሰኔ» ስለሚባሉ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ የእኔም እናት ተሳስታ ታውቃለች። ሳምንት ምን አላት እንዳትዪ፣ ባንቺ ጉዳይ ላይ ሳምንት ብዙ ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ከልጅሽ ጋር ስትነጋገሩ ቀን ሁሉ በፈረንጅ ይሁን፣ ወይም ሁለቱንም ጽፋችሁ ያዙ።

ቀጥሎ «ስድስት ወር» የምትለዋ ነገር። ልጅሽም ወንድምሽም ከየት እንደሰሟት አውቃለሁ፤ ሰፈር ውስጥ የሚጓዝ ሰው ሁሉ የሚደግማት ናት። እውነትነትም አላት፤ ዱባይ የሚሄድ ሰው ፓስፖርቱ ላይ ስድስት ወር ይጠየቃል። ከዘመዶቼ አንዱ አምስት ወር ተኩል ይዞ ሻንጣውን እየጎተተ ከቦሌ ተመልሷል። ቪዛው በእጁ ነበር፣ ግን የአየር መንገዱ ሠራተኛ አላሳፈረውም። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከሀገሩ ከሚወጡበት ቀን በኋላ 30 ቀን ትበቃዋለች። እንግዲህ ደንቡ እንደ ሀገሩ ነው፤ የአንዱን ሀገር ደንብ ለሌላው ማዋል አይቻልም።

አንቺ የምትሄጂው ሼንገን ወደሚባለው አካባቢ ነው፣ ጀርመንም እዚያ ውስጥ ናት። የእነሱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ ፓስፖርትሽ ከአካባቢው ልትወጪ ካሰብሽበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር መቆየት አለበት። ቆጠራው ዛሬ አይጀምርም፣ ቪዛ ስትጠይቂም አይጀምርም፣ ስትገቢም አይጀምርም። ስትወጪ ነው የሚጀምረው። ልጅሽ የቆጠረችው ከዛሬ ጀምሮ ነው፤ እሱ ነው ስምንት ወር ያስመሰለው። ሦስት ወር የሚጠይቁበትም ምክንያት አለው። አንድ ሰው ታሞ ቢቀር ወይም በረራው ቢበላሽ፣ ወደ ሀገሩ የሚመልሰው ወረቀት በእጁ እያለ እንዳይሞትበት ነው።

እስቲ ያንቺን አብረን እንቁጠር። የምትወጪው መጋቢት 21 ነው ብለሻል፤ በፈረንጅ ማርች 30 ቀን 2026። ከዚያ ሦስት ወር ቆጥረሽ ስትሄጂ ጁን 30 ላይ ትደርሻለሽ። ፓስፖርትሽ ግን ጁን 20 ላይ ያበቃል። አሥር ቀን ጎደለሽ። ሰኔ 20 ብለሽ ብታስቢው ኖሮ የጎደለሽ ሦስት ቀን ብቻ ይመስልሽ ነበር። በአሥር ቀንም ይሁን በሦስት ቀን ግን ማመልከቻው ያው ጎዶሎ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጅሽም ብትሰማው ደስ የሚላት ነገር ነው፤ ግን ቶሎ አትደሰቺ። ቀኑን ብቻ ካየን መፍትሔ አለው። ጉዞውን ማሳጠር ነው። ማርች 20፣ ማለትም መጋቢት 11 ከወጣሽ ሦስት ወሩ ልክ ጁን 20 ላይ ያርፋል። ሕፃኑ ጥር 20 አካባቢ ቢወለድ እንኳ የ40 ቀን ክርስትናው የካቲት መጨረሻ ላይ ይውላል፣ ካባውን አይተሽ ትመለሻለሽ። እኔ ራሴ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ይህን ነበር። ልክ አፍንጫው ላይ የሚያርፍ ቀን ባልወድም (ሐኪም «ሕፃኑ ትንሽ ይቆይ» ቢል፣ በረራ ቢሰረዝ መላወሻ የለሽም) ቢቸግር ይሞከራል ብዬ ነበር።

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ገጹ ነው።

የሼንገን ደንብ ከሦስት ወሩ ጎን ሌላም ይላል፦ ፓስፖርቱ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ሊኖረው ይገባል። ቪዛው ስቲከር ነው፤ ሲለጠፍ አንድ ሙሉ ገጽ ይይዛል። ሌላው ገጽ ለመግቢያና ለመውጫ ማኅተም ነበር። በጥቅምት 2018 አውሮፓውያኑ ማኅተሙን በጣት አሻራና በፎቶ የሚመዘግብ አሠራር ቀስ በቀስ መተካት ጀምረዋል፤ «እንግዲያው አንዱ ገጽ ይበቃል» የሚሉሽ ሰዎች ሊመጡ ይችላሉ። አይበቃም። ለቪዛ አመልካች የተቀመጠው የሁለት ገጽ ግዴታ እንዳለ ነው።

«ባዶ» ሲሉ ደግሞ ባዶ ማለታቸው ነው። ጥጉ ላይ አንዲት ማኅተም ያለችበት ገጽ፣ የቀረው የቱንም ያህል ቢሰፋ ባዶ አይባልም። ከጀርባ ያለው ማኅተም ቀለሙ ዘልቆ የወጣበትም ገጽ ያከራክራል። ፓስፖርቱ መጨረሻ አካባቢ ለማስታወሻ ተብሎ የተተወ ገጽ ካለ እሱም ለቪዛ አይቆጠርም። ስለዚህ ያንቺ ቁጥር አንድ ነው፣ አንድ ተኩል አይደለም። ቀኑን በማሳጠር ማስተካከል ይቻላል፣ ገጽ ግን ከየትም አይመጣም። ለዚህ ነው መልሴ አጭር የሚሆነው፦ አሳድሺው፣ አሁኑኑ።

ያ ጉዳይ አስፈጻሚ ያለሽን ነገር ግን በፍጹም እንዳታደርጊ። የተለጠፈ ቪዛ ሲላቀቅ ወረቀቱ ይላጣል፣ ገጹ ሲታይ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የያዝሽው ገጽ ያነሰው ፓስፖርት ሳይሆን የተነካካ ፓስፖርት ነው። የተነካካ ፓስፖርት ደግሞ ኤምባሲ ብቻ ሳይሆን የጅቡቲም ድንበር ሊከለክልሽ ይችላል። እንጀራሽ እዚያ ነው። ሰውዬው አንድ ገጽ ሊሸጥልሽ ብሎ ሠላሳውን ሊያስጥልሽ ነው።

የልጅሽ ዕንባ እንዳስጨነቀሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ግን እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ እሷን ያስለቀሳት ፓስፖርቱ ነው ወይስ «እማዬ ላትደርስልኝ ነው» የሚለው? ሁለተኛው ይመስለኛል። ሆዷ ገፍቶ በሰው ሀገር ብቻዋን ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተችበት ወረቀት እንዳይፈርስባት ፈርታ ነው። ስለዚህ ስትደውዪላት «ወንድሜ ልክ ነበር» ብለሽ አትጀምሪ። ቁጥሮቹን ንገሪያት፦ ማርች 30፣ ጁን 30፣ ጁን 20፣ አንድ ገጽ። እሷ ራሷ ትደርስበታለች። ካልሆነም ኅዳር 15 አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ መስኮቱ ላይ «ገጽ ይጎድላል» ተብለሽ ብትመለሺ የሚሻላት እንደሆነ ጠይቂያት።

ጊዜው ይበቃል ወይ? ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል። የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ቢዘገይ ቢዘገይ ደግሞ ከጉዞው 15 ቀን በፊት መግባት አለበት። ውሳኔው በተለመደው 15 ቀን ይወስዳል፣ ተጨማሪ ማጣራት ካስፈለገ ግን እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ጥር 2፣ ማለትም ጃንዋሪ 10 ላይ ለመግባት 45 ቀኑን ወደኋላ ብትቆጥሪ ኖቬምበር 26 ላይ ትደርሻለሽ፤ ኅዳር 17 ነው። ቀጠሮሽ ኅዳር 15 መሆኑ እንግዲህ ጥሩ ቀጠሮ ነው፣ እንዳታጪው እፈልጋለሁ። አዲሱ ፓስፖርት ከዚያ በፊት እጅሽ መግባት አለበት። አምስት ሳምንት አለሽ ማለት ነው።

ድሬዳዋ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለሽ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግሽም። ማመልከቻው በኦንላይን ነው የሚሞላው፤ ሲሞላ ቅርንጫፉን ድሬዳዋ ማድረግሽን አረጋግጪ፣ ወንድምሽን አስቀምጠሽ አብራችሁ ሙሉት። ምክንያት ሲጠየቅ ሁለቱንም ንገሪ፦ ገጹ ማለቁንና ጊዜው መድረሱን። ፓስፖርትሽ ገና ስላላበቃ «ለምን አሁን?» የሚል ጥያቄ ሊነሳብሽ ይችላል፤ የቪዛ ቀጠሮውን ወረቀት አትመሽ ያዢና አሳዪያቸው። በአስቸኳይ የሚሰጥ አገልግሎትም አለ፣ ክፍያው ከመደበኛው በጣም ይበልጣል። መደበኛው ለኅዳር 15 የማይደርስ ከሆነ ግን እኔ አስቸኳዩን እከፍል ነበር፤ ያ ቀጠሮ ካመለጠሽ ሌላ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። አንቺ ደግሞ ጅቡቲ የምትመላለሺ ሰው ነሽ፤ ብዙ ገጽ ያለው ፓስፖርት ይወጣ እንደሆነ እዚያው ጠይቂ፤ አለበለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ይኸው ደብዳቤ እንደገና ይደርሰኛል።

አሮጌውን ከማስረከብሽ በፊት ገጹን በሙሉ ፎቶ አንሺው። ሲሰርዙትም እንዲመልሱልሽ ጠይቂ፤ ይህ ብዙ ሰው የማይገባው ነገር ነው። ቪዛ የሚሰጠው ሰው ዋናው ጥርጣሬው «ሴትዮዋ ሄዳ ትቀራለች» የሚል ነው። አዲሱ ፓስፖርትሽ ንጹሕ ነው፣ ስለ አንቺ ምንም አይናገርም። አሮጌው ግን ስንት ጊዜ ወጥተሽ ስንት ጊዜ እንደተመለስሽ በማኅተም የተጻፈበት ነው። ያ ሁሉ የጅቡቲ ማኅተም እስከ ዛሬ ገጽ በላብሽ፣ አሁን ደግሞ ይመስክርልሽ። ኅዳር 15 ሁለቱንም ይዘሽ ግቢ።

አዲሱን ስትረከቢ ከመስኮቱ ሳትርቂ የስምሽን አጻጻፍ ካሮጌው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ፤ የአባትሽንም የአያትሽንም። አንድ ፊደል ከተለወጠ ከልጅሽ የልደት ወረቀት ጋር አይገጥምም፣ እናትነትሽን ማስረዳት ሌላ ሥራ ይሆናል።

አሁን ልጅሽ የፈራችው ነገር ላይ ደረስን፣ የፓስፖርት ቁጥር ላይ። ፓስፖርት ሲታደስ ቁጥሩ ይለወጣል። ባሏ ያወጣው የግዴታ ደብዳቤ (የጀርመንኛ ስሙን ለመጥራት ሞክሬ ምላሴ ተቆላልፎ ትቼዋለሁ) ላይ ያንቺ የድሮ ቁጥር ተጽፎ ይሆናል። ይህ ማለት ደብዳቤው ሞተ ማለት አይደለም፤ ስምሽና የልደት ቀንሽ ያው ናቸው፣ ቁጥሩ ያለበት አሮጌ ፓስፖርትም በእጅሽ ነው። ግን በግምት አትሂዱ። ባልየው ደብዳቤውን የሰጠውን የከተማውን የውጭ ዜጎች ቢሮ «አማቴ ፓስፖርት ቀይራለች፣ ይስተካከል ወይስ ከአሮጌው ጋር ይቅረብ?» ብሎ አሁን በጽሑፍ ይጠይቅ፣ መልሱንም አትማችሁ ከፋይሉ ጋር አያይዙት። ደብዳቤው የወጣበትንም ቀን ተመልከቱ፤ ለቪዛ የሚያገለግለው ለስድስት ወር ነው።

ቀጠሮው የተያዘው በድሮው ቁጥር ከሆነ፣ ቀጠሮውን ባያያዛችሁበት መንገድ ገብታችሁ ቁጥሩን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እዩ፤ ካልሆነ ቀጠሮውን ለሰጠው ክፍል ጻፉ። ቀጠሮውን ሰርዛችሁ እንደ አዲስ ለመያዝ ግን አትቸኩሉ። የጉዞ ኢንሹራንሱን አልገዛችሁ እንደሆነ አዲሱ ቁጥር እስኪመጣ ቆዩ። እሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና የቆይታሽን ቀን በሙሉ የሚይዝ መሆን አለበት። ማመልከቻ ቅጹም እንደዚሁ፤ ባዲሱ ቁጥር ይሞላ። የእናንተ ስህተት ፓስፖርት መቀየሩ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው። ፓስፖርት መጀመሪያ መጥቶ ቢሆን ደብዳቤውም ቀጠሮውም በአንድ ቁጥር ያልፉ ነበር። ሌላ ጊዜ፣ ሁለተኛው ልጅ ሲመጣ ማለቴ ነው፣ ከፓስፖርቱ ትጀምራላችሁ።

ፓስፖርቱ ለኅዳር 15 ባይደርስስ? ያኔ ጎዶሎውን ይዘሽ አትግቢ። ቀጠሮውን ወደፊት ግፊው። እስከ ታኅሣሥ 17 ድረስ፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 26፣ ደንቡ ጥር 2 ለመግባት ያስችልሻል፤ ውሳኔው ቢዘገይ ግን የመግቢያ ቀንሽን ወደ ጥር አጋማሽ ወይም መጨረሻ ማዛወር ሊኖርብሽ ነው። ደንቡ ለእውነተኛ ድንገተኛ ጉዳይ የፓስፖርቱን ዕድሜ ሊያልፍ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን ዘጠኝ ወር የታወቀ ወሊድ ድንገተኛ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል፣ በእሱ ላይ አልተማመንም።

እውነቱን ለመናገር፣ ልጅሽ ከምጡ ሰዓት ይልቅ ከዚያ በኋላ ያለውን ሳምንት ነው አንቺን አብልጣ የምትፈልገው። ምጡ ላይ ሐኪሞቹ አሉ። በሦስተኛው ቀን ገንፎ የሚያገነፋ፣ ሌሊት ሕፃኑን የሚቀበላት፣ «ተኚ እኔ አለሁ» የሚላት ግን ባሏ የቱንም ያህል ደግ ቢሆን አንቺን አይሆንም። ስለዚህ ስትደውዪላት ስለ ጥር 2 ሳይሆን ስለ እነዚያ ቀናት አውሪያት። መግቢያሽ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቢገፋ መውጫሽም አብሮ ይገፋል፣ አዲሱ ፓስፖርት ከመጣ በኋላ ጁን 20 የሚባል ገደብ የለብሽም። ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን እስካላለፍሽ ድረስ ማንም አያስቸኩልሽም።

ዛሬ ማታ ግን አንድ ነገር ብቻ አድርጊ። ፓስፖርቱን ይዘሽ ከወንድምሽ ጋር ተቀመጡ፣ ባዶ ገጹን እሱም ይቁጠርልሽ። ሁለት ካገኘ ጻፊልኝ፣ ማርች 20 ላይ የመውጣቱን ነገር እንደገና እናየዋለን። አንድ ካገኘ ነገ ጠዋት ማመልከቻውን ሙሉ።